ላሟ ባትታመም ልጁን ማን ያስታውሰው ነበር?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ መኖም አይደለም የምጽፈው። በገዛ እጄ ስለሠራሁት ስህተት ነው። ነገሩ የሆነው እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ በቂሊንጦ በኩል ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ኅዳር 1 ቀን ጠዋት ጋሼ ደወሉልኝ። «ላሜ ፌስታል ውጣ ነው መሰለኝ ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶባታል። ቶሎ ድረስልኝ» አሉኝ። በእኛ አካባቢ ከብት ፌስታል መብላቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ እኔም አልተጠራጠርኩም። ስደርስ ላሟ አንገቷን ዘርግታ ቆማለች። ለሃጯ እንደ ክር ይወርዳል። ልትውጥ ትሞክራለች፣ አይሄድላትም። አልፎ አልፎ ታገሳለች፤ ድምፅዋ ግን ጎርንኗል፣ የሷ አይመስልም። ጋሼ አፏን ከፍተው ያዙልኝ፣ እኔ እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ ጉሮሮዋን ዳበስኩ። ምንም የለም። ጋሼም ተራቸውን ገብተው ፈለጉ። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረንም። የኔ አውራ ጣት ከሁለት ቀን በፊት ማጭድ ነክቶት ተሰንጥቋል፤ የጋሼ እጅ ደግሞ የአጨዳ ሰሞን የገበሬ እጅ ነው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ።

ግራ ሲገባን የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ የሥራ ባልደረባዬን ጠራሁት። መጣ፣ ከሩቅ ቆሞ አያት። ስትራመድ የኋላ እግሯ ሲንገዳገድ፣ ጅራቷም ልል ብሎ ሲንጠለጠል ተመለከተ። አልቀረባትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ውሻ ነክሷት ያውቃል?»

ጋሼ ዝም አሉ። መልሱን የሰጡት ባለቤታቸው ናቸው። «የመስቀል ማግስት ያ መንገደኛ ጥቁር ውሻ አፍንጫዋን ነክሷት አልነበር? ልጁንም እኮ በዚያው ነው ባቱን የያዘው!» አሉ።

ሁላችንም ዞር ብለን ልጁን አየነው። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። በር ላይ ቆሞ ያየናል።

ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ፣ «የነከሰህ ቦታ ያሳክክሃል? ይቆጠቁጥሃል? ይደነዝዝሃል?» አለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጁ መልስ እስኪሰጥ ድረስ የነበረችው ቅጽበት እስካሁን አትረሳኝም። «አይ፣ ድኗል» አለ። ሱሪውን ሰብስቦ ሁለት ትናንሽ ጠባሳ አሳየን። ባልደረባዬ በረጅሙ ተነፈሰና «እንግዲያው ጊዜ አለን፤ ግን ዛሬ ነው» አለ።

ያን ቀን «ጊዜ አለን» ያለው ለምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። በኋላ ከሱም ከጤና ባለሙያዎችም እየጠየቅኩ የተረዳሁትን ነው ለናንተ የማካፍለው። ይህን የተረዳ ሰው መርፌው ለምን ቶሎ መጀመር እንዳለበት፣ ለምን እንደማይቋረጥ፣ ለምንስ ከብዙ ቀን በኋላም ቢሆን «አለፈበት» ተብሎ እንደማይተው ሌላ ሰው ሳይነግረው ይገባዋል።

ከነርቭ እንጀምር። በሬ አርዳችሁ የኋላ ጭኑን ስትበልቱ በሥጋው መሃል ጣት የሚያክል፣ ነጭ፣ ጠፍጠፍ ያለ ገመድ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ጅማት አይደለም፣ ጅማት ጥንካሬው ከአጥንት ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ነው። የደም ሥርም አይደለም፣ ውስጡ ክፍት ሆኖ ደም አይሄድበትም። ያ ነርቭ ነው። ተከትላችሁት ብትሄዱ አከርካሪ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ካለው ለስላሳ ነጭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰር ከምንለው፣ ጋር ይገናኛል። ሕብለ ሰረሰር ደግሞ ወደ ላይ ሄዶ አንጎል ላይ ያርፋል። ያ የምታዩት ነጭ ገመድ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች ታስረው የሠሩት ነው። እያንዳንዱ ክር የአንድ ሕዋስ ጭራ ነው። የሕዋሱ ዋና አካል ወገብ አካባቢ ተቀምጦ ጭራው እስከ እግር ጣት ድረስ ይዘልቃል።

እንግዲህ ያን ያህል ርቀት ያለው ክር ጫፉ ላይ ያለውን ጡንቻ እንዲያገለግል ከመሃል ስንቅ ይላክለታል፣ ከጫፍም ያገለገለውና መልእክቱ ወደ መሃል ይመለሳል። በክሩ ውስጥ ጭነት የሚሸከም የራሱ ማጓጓዣ አለው። ቃሊቲ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። መኪናው ዕቃ ጭኖ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚሳፈረው በተመላሹ መኪና ላይ ነው። በራሱ እግር የለውም፣ አይዋኝም፣ በደምም አይሄድም። ነርቭ ከጡንቻ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ይጣበቅና ወደ መሃል በሚመለሰው ጭነት ተሸሽጎ ይገባል።

ለዚህ ነው የደም ምርመራ የማይጠቅመው። ጋሼ በኋላ ጤና ጣቢያ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቁት «ደሙን መርምሩልኝና ካለበት ይወጋ» ብለው ነበር። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናስበው። ቫይረሱ ግን ደም ውስጥ ስለማይሄድ ደም ተወስዶ «አለበት፣ የለበትም» ማለት አይቻልም። ምልክት ከመጀመሩ በፊት የሚለይ ምርመራ የለም። ስለዚህ ክትባት የሚሰጠው ቫይረሱ መግባቱ ተረጋግጦ ሳይሆን ሊገባ የሚችልበት በር ስለተከፈተ ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። ቫይረሱ በነርቭ ክር ውስጥ በቀን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያ ያነሰም ሊሆን ይችላል። በዝግተኛው በ5 ሴንቲ ሜትር እናስላው። ላሟ የተነከሰችው አፍንጫዋ ላይ ነው። ከዚያ እስከ አንጎሏ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ መንገዱ 8 ቀን ነው። ልጁ ባቱ ላይ ነው የተነከሰው። ከባቱ እስከ ወገቡ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከዚያ በሕብለ ሰረሰር እስከ አንጎል ሌላ 40፤ ባጠቃላይ 1 ሜትር። መንገዱ 20 ቀን ነው።

እዚህ ላይ የምትቆጥሩ ሰዎች ጥያቄ ታነሳላችሁ፤ እኔም አንስቻለሁ። ከመስከረም 18 እስከ ኅዳር 1 ድረስ 43 ቀን ነው። ላሟ በ8 ቀን መታመም ነበረባት፤ ልጁም በ20 ቀን። ታዲያ ቀሪው ቀን የት ሄደ?

መልሱ የጉዳዩ ዋና ቁልፍ ነው። ቫይረሱ በጥርስ እንደገባ ወዲያው ነርቭ ውስጥ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ባለበት ጡንቻ ውስጥ ይቆያል። እዚያው ቀስ ብሎ በጥቂቱ ይራባል፣ ወይም ተሸሽጎ ይቀመጣል። አንዳንዴ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት፣ አልፎ አልፎ ወራት። በሰው ላይ ከንክሻ እስከ ምልክት ድረስ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ በአንድ ሳምንት የታየበትም፣ ዓመት የፈጀበትም አለ። ልዩነቱን የሚያመጡት የቁስሉ ጥልቀት፣ የገባው ምራቅ ብዛት፣ ቦታው በነርቭ የተሞላ መሆኑና ለአንጎል ያለው ቅርበት ናቸው። ፊት፣ ራስ፣ አንገትና የእጅ ጣቶች በነርቭ የተሞሉ ስለሆኑ አደገኛ ናቸው። ላሟ የተነከሰችበት አፍንጫ እርጥብ፣ ባዶ፣ በነርቭ የተሞላ ነው። ልጁን ግን ውሻው የነከሰው በሱሪው ላይ ነው፤ ከምራቁ ብዙውን ጨርቁ ጠርጎታል። አንድ ውሻ፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለት የተለያየ ዕድል።

ይህ ቆይታ ነው ክትባቱ የሚጠቀምበት ጊዜ። ቫይረሱ ከነርቭ ውጪ፣ ጡንቻ ውስጥ ባለበት ሰዓት ሰውነታችን ቢያውቀው ኖሮ ሊያጠፋው ይችል ነበር። ችግሩ መጠኑ ትንሽ ስለሆነና ድምፁን አጥፍቶ ስለሚቀመጥ ሰውነት አይነቃበትም። ቁስሉ ይድናል፣ ትኩሳት የለም፣ ዕብጠት የለም። ሰው «ተርፌአለሁ» ይላል። ነርቭ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ቢነቃም ብዙ አይረዳም፤ ምክንያቱም የሰውነት መከላከያ በደምና በሥጋ መሃል ነው የሚዘዋወረው፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለ ጭነት እንደልቡ አይፈትሽም።

ክትባቱ የሞተ ቫይረስ ነው። በሽታ አያስይዝም። ክንዳችን ላይ ሲወጋ ግን ሰውነት በብዛት ያየዋል፣ ይነቃል፣ የዚህን ቫይረስ መልክ ለይቶ የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት መሥራት ይጀምራል። እነዚህ ነገሮች ቫይረሱን ከውጪ ይለብሱታል፤ የተለበሰ ቫይረስ ነርቭ ላይ መጣበቅ አይችልም። መኪናው ሳይነሳ በር ላይ ተያዘ ማለት ነው። ክትባቱ እግር ላይ ለተነከሰ ልጅ ክንዱ ላይ ተወግቶ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ በደም ሄደው ቁስሉ ጋ ይደርሳሉ።

ነገር ግን ሰውነት ትእዛዝ እንደደረሰው ወዲያው አያመርትም። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ መታየት ይጀምራል፣ በ14ኛው ቀን አካባቢ በቂ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሩጫ አለ። አንዱ ቫይረሱ ወደ ነርቭ ለመግባት የሚሮጠው፣ ሌላው ፀረ እንግዳ አካሉ ለመድረስ የሚሮጠው። ክትባቱን ዛሬ መጀመርና ከሳምንት በኋላ መጀመር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ መቼ እንደሚነሳ አናውቅም፤ የእኛ ሯጭ መቼ እንደሚነሳ ግን የምንወስነው እኛ ነን።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ በሥራ ላይ ያዋለው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። በፈረንጆች 1885 ሐምሌ ወር ላይ ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ብዙ ቦታ ተነክሶ በሁለተኛው ቀን እናቱ ወደ ፓስተር አመጣችው። ፓስተር በሽታው ከንክሻው በኋላ ሳምንታት እንደሚፈጅ ያውቅ ስለነበር «ክትባቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል» ብሎ በተከታታይ አስወጋው። ልጁ ዳነ። እዚህ አዲስ አበባ ጉለሌ በኩል «ፓስተር» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚሁ ሰው ስም ከተጠራው ተቋም ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ቦታ ነው።

ፓስተርን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሼ «ሆዱ ላይ አያስወጉብኝም፤ ወንድሜ በልጅነቱ ፓስተር ተወስዶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዱ ላይ ሲወጋ አይቻለሁ» ብለው አምርረው እምቢ ብለው ነበር። ውሸት አልነበረም። በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ በየቀኑ ሆድ ላይ መወጋት ነበረበት፣ አንዳንዴም ጉዳት ነበረው። አሁን ያለው ዓይነት ግን በላቦራቶሪ ሕዋስ ላይ ያደገ፣ የጠራ ነው። የሚወጋው ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ ነው። መቀመጫ ላይ አይወጋም፤ እዚያ ስብ ስለሚበዛ በደንብ አይሠራም። በድሮው መርፌ ፍርሃት ልጁን ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ይህን ንገሩልኝ።

ሌላም እንቅፋት ነበር። ልጁ በተነከሰ ማግስት አያቱ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወስደው ሥር አጠጥተውት ነበር። «ይኸው 43 ቀን ምንም አልሆነም፤ ሠርቷል» አሉ። አልተቆጣኋቸውም፤ ለልጁ አስበው ነው ያደረጉት። እስኪ ግን አብረን እናስብ። የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይታመምም፤ በሱሪ ላይ ከሆነ ምራቁ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። የሚታመመውም ብዙ ጊዜ ከ2 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ሥሩን ካጠጡት አሥር ልጅ ብዙዎቹ ባይጠጡም ደኅና ይሆኑ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለሥሩ ይሄዳል። የታመመው ደግሞ «ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው» ይባላል። ወደ ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መርፌውን ጀምሮ ይሂድ ነው የምለው። ሁለቱ አይጣሉም።

ያን ዕለት መጀመሪያ ያደረግነው እጃችንን መታጠብ ነው። ባልደረባዬ ሰዓት ይዞ እኔንና ጋሼን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አሳጠበን። 15 ደቂቃ ስትታጠቡ ነው ርዝመቱ የሚታወቃችሁ። የዚህ ቫይረስ ውጪያዊ ሽፋን ስብ ነው፤ ሳሙና ስቡን ሲያሟሟው ቫይረሱ ይሞታል። በዚያች ደቂቃ የታጠበው ቫይረስ ከቶ ወደ ነርቭ አይደርስም። ቁስል ላይ ቡና፣ በርበሬ፣ አመድ ወይም ቅጠል መለጠፍ ግን ቁስሉን ይጎዳል እንጂ ቫይረሱን አያጥበውም። ልጁን ማጠብ አልጠቀመም፤ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል።

ከሰዓት በኋላ በሄድንበት ጤና ጣቢያ ክትባቱ አልቆ ነበር። አንድ ሌሊት ባከነ። ከዚያ የተማርኩት፣ መኪና ከመሳፈር በፊት ስልክ ደውሎ «የእብድ ውሻ ክትባት አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በማግስቱ፣ ኅዳር 2፣ ሌላ ቦታ አግኝተን ሦስታችንም የመጀመሪያውን ተወጋን። ቀጣዮቹ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ነበሩ፤ ማለትም ኅዳር 5፣ ኅዳር 9፣ ኅዳር 16 እና ኅዳር 30። በሌላ ቦታ በሌላ አሰጣጥ ቀኑ ሊያጥር ይችላል፤ የሚሰጣችሁን ካርድ ተከተሉ።

የኔ ጉዳይ ከልጁ ይልቅ አጣዳፊ ነበር። ከአውራ ጣቴ እስከ አንገቴ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቫይረሱ ሳይቆይ ወዲያው ተነስቶ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ በ14 ቀን፣ በ10 ቢሄድ በ7 ቀን ሕብለ ሰረሰር ይደርሳል። የኔ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል የሚያወጣውም በዚያው ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው። እኩል ለእኩል ነን። ይህን ክፍተት የሚሞላ ሌላ መርፌ አለ፤ ተሠርቶ ያለቀ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ቀድሞ ከተከተበ ሰው ወይም ፈረስ ደም ይዘጋጃል። ሰውነት እስኪያመርት አይጠበቅም፣ ወዲያው ይሠራል። የሚወጋውም ክንድ ላይ ሳይሆን ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ነው፤ ቫይረሱ ያለው እዚያ ነውና። አውራ ጣት ላይ ሲወጋ ያማል፣ አልዋሻችሁም። በየቦታው አይገኝም። ከተገኘ ከመጀመሪያው የክትባት ቀን ጋር ይሰጣል፤ ካልሆነ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ። ከዚያ በኋላ ሰውነት የራሱን ስለሚሠራ አያስፈልግም። ካልተገኘም «እንግዲያው ክትባቱም ይቅር» አይባልም፤ በደንብ ታጥቦ ክትባቱን በጊዜ የጀመረ ሰው ትልቅ ተስፋ አለው።

ኅዳር 9 ጋሼ «ጤፉ እየረገፈ ነው፣ ዛሬ ትለፈኝ» አሉኝ። የመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ሰውነትን ይቀሰቅሳሉ፣ የሚቀጥሉት ምርቱን ያበዙታል፣ ያጸኑታል። ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ዘር ዘርቶ አረም ሳያርሙ እንደ መተው ነው አልኳቸው። ሳቁና መጡ። የቀረ ቀን ካለም ከመጀመሪያው እንደገና አይጀመርም፤ በማግስቱ ሄዶ መቀጠል ነው።

ላሟ ኅዳር 4 ሞተች። ጎረቤት «ሳትሞት እንረዳት» ብሎ ነበር፤ ባልደረባዬ ከለከለ። እንዲህ ባለች ላም ላይ ቢላ የሚያሳርፍ ሰው፣ በተለይ ራሷንና አከርካሪዋን የሚከፍት፣ ቫይረሱ በብዛት ባለበት ቦታ ነው እጁን የሚያስገባው። ባለሙያው በጓንትና በመነጽር ተከላክሎ የአንጎል ናሙና ወሰደ፣ ሬሳው በጥልቅ ተቀበረ። ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙናው ላይ የሚያበራ ቀለም ያለው ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል፤ ቫይረሱ ካለ በልዩ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አበራ። ውሻው እብድ እንደነበር የተረጋገጠው ያኔ ነው። ቤተሰቡ ከመታመሟ በፊት ባሉት ቀናት ያለበችውን ወተት አፍልተው ነበር የጠጡት፤ ማፍላት ቫይረሱን ይገድለዋል። ጥሬውን የጠጣ ሰው ግን ለጤና ባለሙያ መናገር አለበት። የታመመች ላም ወተት ተፈልቶም ቢሆን ይደፋ።

ቫይረሱ አንጎል ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምልክቱን ስለምታዩት። አንጎል ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ መንገዱን ገልብጦ በነርቭ ወደ ውጪ ይወጣል፤ ከሁሉም በላይ ወደ ምራቅ እጢ። ጉሮሮ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጭ ይፈሳል። ፌስታል የመሰለን ያ ነው። ሰው ላይ ሲሆን ውኃ ሲያይ ጉሮሮው ይኮማተራል፣ ይፈራል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ የዳነው ቁስል ቦታ ማሳከክና መቆጥቆጥ ነው፤ ልጁ የተጠየቀው ለዚህ ነው። ያ ከመጣ በኋላ ክትባቱ አያድንም፤ በዓለም ላይ የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው። ያ ካልመጣ ግን ወር ቢያልፍም አልረፈደም፤ ሂዱ። «ጊዜ አለን» ያለው ይህን ነው።

ቫይረሱ የውሻ ምራቅ ውስጥ የሚወጣው ውሻው ከመታመሙ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የሚታወቅ ውሻ ከነከሳችሁ፣ ክትባቱን ጀምራችሁ ውሻውን አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁ። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ የጤና ባለሙያው መርፌውን ሊያቆምላችሁ ይችላል። በንዴት ጭንቅላቱን አትፍለጡት፤ ለምርመራ የሚያስፈልገው አንጎሉ ነው። የመስቀሉ ጥቁር ውሻ ግን የትም ጠፍቶ ነበር። የጠፋ ውሻ እንደ እብድ ነው የሚቆጠረው።

ልጁ አሁን ደኅና ነው፤ ዓመት አልፎታል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ይማራል። ቫይረሱ ባቱ ውስጥ ነበረ ወይስ ሱሪው ጠርጎት ነበር? ማንም ሊነግረን አይችልም። የኔም አውራ ጣት እንደዚሁ። ክትባቱ ሲሠራ የሚታይ ነገር የለም፤ አንድ ልጅ እንደ ወትሮው በጠዋት ተነስቶ ውኃ ይጠጣል፣ ይኸው ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ለሃጭ የምታዝረበርብ ከብት አፍ ውስጥ ባዶ እጄን አልከትም። «ፌስታል ነው» ከማለቴ በፊት «ውሻ ነክሷት ያውቃል? ሌላስ ማንን ነከሰ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጋሼ ደግሞ ሁለቱን የግቢ ውሾቻቸውን በየዓመቱ ያስከትባሉ። የውሻው ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ ከኛ ሩቅ አይደለም። ውሻችሁ ሦስት ወር ከሞላው በአካባቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ስትሰበሰቡ ልጆቻችሁን፣ እረኞቻችሁን «ባለፉት ወራት ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጅ ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል፤ ሳትቆጡ ጠይቁ። «አዎ» ያለ ካለ ነገ ጠዋት ይዛችሁት ሂዱ። ሰላም ሁኑ።